ያልታሰረ ዐረፍተ ነገር

የአማርኛ ሰዋስው ሊቃውንት ለሙሉ ሐሳብ ስም ሲያወጡለት «ዐረፍተ ነገር» አሉት፤ ነገር የሚያርፍበት ለማለት። በመጨረሻ የሚመጣውን ግስ ደግሞ «ማሰሪያ አንቀጽ» አሉት። ተናጋሪው ባለቤቱን፣ ጊዜውን፣ ቦታውንና ምክንያቱን በየተራ ይዘረግፋል፤ ማሰሪያው መጥቶ ሁሉን ሰብስቦ እስኪያስረው ድረስ አድማጭ ይጠብቃል። ሲታሰር አራት ነጥብ ይደረግለታል፤ ተናጋሪም አድማጭም ያርፋሉ።

ዛሬ በስልክ ላይ ለሚታዩ አጫጭር ቪዲዮዎች ጽሑፍ የሚያዘጋጁ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚፈልጉት የዚህን ተቃራኒ ነው። የመጨረሻው መስመር ሳይታሰር ወደ መጀመሪያው መስመር እንዲፈስ፣ ተመልካቹም ቪዲዮው ማለቁን ሳያስተውል ደግሞ እንዲያየው ይጥራሉ። በተለምዶ «ሉፕ» ይሉታል። ብዙ ሰው የቲክቶክ ዘመን ብልሃት ይመስለዋል፤ ታሪኩ ግን ከመቶ ዓመት ይበልጣል። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ጥያቄዎች ሁልጊዜ ተደባልቀው ይገኛሉ። አንደኛው፣ መጨረሻው ከመጀመሪያው ጋር እንዴት ይጋጠማል የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ተመልካቹ ሲመለስ ያው የመጀመሪያ መስመር ሌላ ነገር ይነግረዋል ወይ የሚለው ነው። የመጀመሪያውን መመለስ የእጅ ሙያ ነው። ሁለተኛውን መመለስ ግን የደራሲ ሥራ ነው።

ጫፍና ጫፉ የተጣበቀ ፊልም

ኤፕሪል 14 ቀን 1894 ኒው ዮርክ ከተማ፣ ብሮድዌይ ጎዳና ላይ አንድ አዲስ ዓይነት መዝናኛ ቤት ተከፈተ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በቤቱ ውስጥ «ኪኔቶስኮፕ» የተባሉ 10 የእንጨት ሣጥኖች በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል። ደንበኛው 25 ሳንቲም ከፍሎ በአንዱ ረድፍ ያሉትን አምስት ሣጥኖች በየተራ እየተጎነበሰ በትንሽ ቀዳዳ ይመለከታል። መሣሪያው የተሠራው በቶማስ ኤዲሰን ቤተ ሙከራ ሲሆን፣ የሥራውን ትልቁን ድርሻ የያዘው ዊልያም ዲክሰን ነበር። በእያንዳንዱ ሣጥን ውስጥ ያለው ፊልም 15 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ታይቶ የሚያልቀውም በሴኮንዶች ነው።

የፊልሙ ጫፍና ጫፍ ተጣብቆ በሣጥኑ ውስጥ በተሽከርካሪ ዘንጎች ላይ ተጠማዝዞ ይዞር ነበር። እንዲህ መሆኑ ለአሠራር ይመች ነበር፤ አንዱ ደንበኛ አይቶ ሲጨርስ ፊልሙን ለቀጣዩ ወደ ኋላ መጠቅለል አያስፈልግም። ሆኖም በዚያው ወቅት ከተሠሩት ፊልሞች አንዱ ለዚህ ቀለበት የታሰበ ያህል ይገጥማል። በ1893 በተቀረጸው በዚህ ፊልም ሦስት አንጥረኞች ብረት ይቀጠቅጣሉ፤ ጥቂት ያርፉና ጠርሙስ እየተቀባበሉ ይጠጣሉ፤ ከዚያም ወደ መቀጥቀጣቸው ይመለሳሉ። መጨረሻው መነሻውን ስለሚመስል መጋጠሚያው ብዙም አይታወቅም።

ይሁንና ፊልሙን ሁለተኛ ያየ ሰው መጀመሪያ ያላወቀውን ነገር አያውቅም። መዶሻው ያው መዶሻ ነው፤ ጠርሙሱም ያው ጠርሙስ። የመጀመሪያው ጥያቄ ተመልሷል፤ ሁለተኛው ግን ገና አልተጠየቀም።

አሥራ ሁለት ዓመት የተንጠለጠለ ጫፍ

ሁለተኛውን ጥያቄ በግልጽ የጠየቀው ሰው የፊልም ባለሙያ አልነበረም። አየርላንዳዊው ደራሲ ጄምስ ጆይስ በኖቬምበር 1926 በገንዘብ ትደግፈው ለነበረችው ለሃሪየት ሾው ዊቨር በጻፈው ደብዳቤ፣ እየጻፈው ስላለው መጽሐፍ አንድ ምስጢር እንደ ቀልድ አድርጎ ነገራት። መጽሐፉ መጀመሪያም መጨረሻም የለውም፤ በአንድ ዐረፍተ ነገር መሐል ያበቃል፤ የሚጀምረውም በዚያው ዐረፍተ ነገር መሐል ነው አላት። መጽሐፉ «ፊኔጋንስ ዌክ» ነው።

ደብዳቤው ሲጻፍ ከዐረፍተ ነገሩ ሁለት ጫፎች በወረቀት ላይ የነበረው መነሻው ብቻ ነበር። ይህ መነሻ በኤፕሪል 1927 «ትራንዚሽን» በተባለው፣ ፓሪስ ይታተም በነበረ መጽሔት የመጀመሪያ ዕትም ላይ ወጣ። የመጽሔቱ አንባቢዎች ያገኙት ግማሹ የጎደለ ዐረፍተ ነገር ነበር፤ ሌላው ግማሽ ግን የትም አልነበረም። ጆይስ የመጨረሻዎቹን ገጾች የጻፈው በ1938 ነው። በመካከሉ ባሉት አሥራ ሁለት ዓመታት ዓይኑ በተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል፤ የልጁ ሕመምም ቤቱን አናግቶታል። ያን ሁሉ ጊዜ የመጽሐፉን አንድ ጫፍ በእጁ ይዞ፣ ሌላው ጫፍ የሚገጥመው ሆኖ እስኪጻፍ ጠበቀ ማለት ነው። መጽሐፉ በሜይ 1939 ወጣ።

መጋጠሚያው እንዲህ ነው። የመጽሐፉ የመጀመሪያ ቃል «ወንዝ» እና «ሩጫ» የሚሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት አንድ አድርጎ ያያዘ ነው። ዐረፍተ ነገር ሲጀመር እንደሚደረገው በትልቁ ፊደል አይጀምርም፤ በትንሹ ፊደል ነው። አንባቢው ገና በመጀመሪያው ቃል ከወሬ መሐል እንደገባ ሰው ይሆናል። የመጽሐፉ የመጨረሻ ቃል ደግሞ የእንግሊዝኛው እመር ወይም የታወቀ ነገር አመልካች ቃል ነው፤ ከፊቱ ስም ካልመጣለት ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። ከእሱ ኋላ ነጥብ የለም። ጆይስ ለፈረንሳዊው ሃያሲ ለልዊ ዢሌ እንደነገረው፣ «ዩሊሰስ»ን የዘጋው ሊያገኘው በቻለው ኃይል የሌለው ቃል፣ በእሺታ ቃል ነበር፤ በዚህኛው መጽሐፍ ግን ከዚያም አልፎ ከቋንቋው ሁሉ ደካማውን፣ ከአፍ ሲወጣ የማይሰማውን ቃል ፈለገ። ያ ደካማ ቃል ስም ይፈልጋል፤ ስሙም የሚገኘው በገጽ አንድ ላይ ነው።

እስካሁን ይህ የእጅ ሙያ ነው። ቁም ነገሩ ያለው ግን በመጨረሻዎቹ ገጾች ላይ በሚናገረው ድምፅ ዘንድ ነው። ተናጋሪዋ አና ሊቪያ ናት፤ ሚስትም እናትም ናት፤ በደብሊን ከተማ የሚያልፈው የሊፊ ወንዝም እርሷው ናት። አርጅታለች፤ ደክማለች፤ ወደ ባሕር እየገባች ትሰናበታለች። አንባቢው ከ600 በላይ ገጾች ሲጀመሩ ያገኘው የወንዝ ሩጫ የአንድ ከተማ አቀማመጥ መግለጫ ብቻ ነበር። ከእርሷ ስንብት በኋላ ሲመለስበት ግን ያው ቃል ሞታ የተመለሰች ሴት ነው። የባሕር ውኃ ደመና ሆኖ፣ ደመናው ዝናብ ሆኖ፣ ዝናቡ ወንዝ ሆኖ ይመለሳልና ቀለበቱ ከጉዳዩ የወጣ ነው እንጂ ከውጭ የተለጠፈበት አይደለም።

ከመሐል የገቡ ተመልካቾች

ጆይስ ከሞተ ከአራት ዓመት በኋላ ተመሳሳዩ ነገር በሲኒማ ታየ። በዚያ ዘመን እንግሊዝና አሜሪካ የነበሩ ብዙ ሲኒማ ቤቶች ፊልም ያለ ማቋረጥ እየደጋገሙ ያሳዩ ነበር። ሰው በፈለገው ሰዓት ገብቶ ከመሐል ጀምሮ ያያል፤ ፊልሙ አልቆ እንደገና ሲጀምር እሱ የገባበት ቦታ እስኪደርስ ይቆይና ይወጣል። ቀለበቱን የሚሠራው ተመልካቹ ራሱ ነበር።

በ1945 ለንደን ውስጥ የሚገኘው የኢሊንግ ስቱዲዮ «ዴድ ኦቭ ናይት» የተባለውን አስፈሪ ፊልም ሲያወጣ ይህን ልማድ የታሪኩ አካል አደረገው። አንድ የሕንፃ ነዳፊ በመኪና ወደ ገጠር ቤት ይመጣል፤ መኪናውን አቁሞ ቤቱን በግራ መጋባት ይመለከተዋል። በቤቱ ያሉትን እንግዶች ሁሉ በሕልሙ እንዳያቸው ይናገራል። እነሱም በየተራ የደረሰባቸውን እንግዳ ነገር ያወራሉ፤ መጨረሻው ቅዠትና ግድያ ይሆናል። ሰውዬው ደንግጦ ሲነቃ በአልጋው ላይ ነው፤ ስልክ ይጠራል። የማያውቀው ሰው ለሥራ ወደ ገጠር ቤቱ ይጋብዘዋል። ሚስቱም ሄዶ መምጣቱ ከቅዠቱ እንደሚያሳርፈው ትነግረዋለች። የማብቂያው ጽሑፍ ሲወጣ ከበስተኋላው የሚታየው ያው መኪና ወደ ያው ቤት ሲደርስ ነው።

በመጀመሪያው ትዕይንት የሰውዬው ግራ መጋባት ተራ ነገር ነበር፤ መንገድ የጠፋው ይመስላል። በመጨረሻው ላይ ግን ተመልካቹ ሰውዬው ራሱ የማያውቀውን ያውቃል፤ ያንኑ ፊት ሲያይ ይፈራለታል። ምስሉ አልተለወጠም፤ ከምስሉ በፊት ያለው ነገር ግን ተለውጧል። ፊልሙን አብረው ያዩ ሦስት የኬምብሪጅ ሳይንቲስቶች፣ ፍሬድ ሆይል፣ ሄርማን ቦንዲና ቶማስ ጎልድ፣ ዩኒቨርስም እንደዚህ መጀመሪያና መጨረሻ የሌለው ቢሆንስ ብለው መጠያየቃቸውን ሆይል ከጊዜ በኋላ ተርኮታል። በ1948 ያወጡት ንድፈ ሐሳብ ከዚያ በኋላ በተገኙ ማስረጃዎች ቢሸነፍም፣ አንድ መጋጠሚያ ምን ያህል ሊያሳስብ እንደሚችል ያሳያል።

መቁጠሪያው ሲመጣ

በጃንዋሪ 2013 የወጣው «ቫይን» የተባለ መተግበሪያ የኪኔቶስኮፕን ሣጥን በሰው ኪስ ውስጥ ከተተው። ቪዲዮው ከ6 ሴኮንድ አይበልጥም፤ ሲያልቅም ማንም ሳይነካው ከመጀመሪያው ይጀምራል። በ2014 ደግሞ አዲስ ነገር ተጨመረበት፤ እያንዳንዱ ቪዲዮ ስንት ጊዜ እንደዞረ የሚያሳይ ቁጥር። ቫይን በ2017 መጀመሪያ ቢዘጋም ሁለቱ ባሕርያት፣ በራሱ መዞሩና ዙሩ መቆጠሩ፣ ለተተኪዎቹ ቀሩ። ዩቲዩብም ከማርች 31 ቀን 2025 ጀምሮ በአጫጭር ቪዲዮዎቹ ላይ እያንዳንዱን ጅማሬና ድጋሚ እንደ አንድ እይታ ይቆጥራል፤ ለክፍያ የሚታሰበው ግን ሌላ፣ ጠበቅ ያለ ቁጥር ነው።

ኤዲሰን ፊልሙን ያጣበቀው ለመጠቅለል እንዳይቸገር ነው፤ ጆይስ የከበበው ወንዝ ስለሚመለስ ነው። አሁን ግን ሦስተኛ ምክንያት መጣ፤ ቁጥሩ እንዲጨምር። ከዚህ የተነሣ ተመልካቹን ለጥቂት ሴኮንድ ብቻ የሚያታልል መጋጠሚያ በዛ። ሰውየው ማለቁን ሳያውቅ ሁለተኛውን ዙር ይጀምራል፤ ሦስት ሴኮንድ አይቶ «ይህን አይቼዋለሁ» ይልና ያልፋል። ተቆጥሯል፤ ግን ምንም አልተጨመረለትም። የአንጥረኞቹ መዶሻ ነው።

መጋጠሚያው በአማርኛ

በውጭ አገር የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች በእነዚህ መድረኮች ላይ ብዙ ይሠራሉ፤ ብልሃቱንም አብዛኛውን ጊዜ የሚማሩት ከእንግሊዝኛ ቪዲዮዎች ነው። ችግሩ የእንግሊዝኛው መጋጠሚያ በእንግሊዝኛ ሰዋስው ላይ የቆመ መሆኑ ነው። ጆይስ የተጠቀመበት ቃል በአማርኛ ራሱን ችሎ አይቆምም፤ «ወንዙ» ስንል ታዋቂነቱን የሚያመለክተው ድምፅ በስሙ መጨረሻ ላይ ተጣብቋል። ስሙን ገጽ አንድ ላይ ትቶ እሱን ብቻ መጨረሻው ገጽ ላይ ማንጠልጠል አይቻልም። ዛሬ በእንግሊዝኛ የተለመደውም መጋጠሚያ፣ በ«ለዚህ ነው» አብቅቶ ወደ መጀመሪያው ዐረፍተ ነገር መመለስ፣ በአማርኛ ይሰበራል። «ለዚህ ነው» ከኋላው «የሄድኩት»፣ «የተውኩት» የሚል፣ በ«የ» የሚጀምር ግስ ይፈልጋል፤ የቪዲዮው መነሻ ደግሞ «ሄድኩ»፣ «ተውኩት» ይላል። አንድ ፊደል ቢጎድልም ጆሮ ወዲያው ይሰማዋል።

አማርኛ ግን ለዚህ ሥራ የራሱ መሣሪያ አለው። ሰዋስው «ቦዝ አንቀጽ» የሚለው ግስ፣ «ሄዶ»፣ «ሰምታ»፣ «ብላ»፣ በባሕርዩ ክፍት ነው፤ ማሰሪያውን ይጠብቃል። ቪዲዮው በቦዝ አንቀጽ ካበቃና መጀመሪያው መስመር በማሰሪያ አንቀጽ ያለቀ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ከሆነ፣ ሁለቱ ያለ ምንም ማስተካከያ ይያያዛሉ። ለምሳሌ ይህን፣ ቀስ ብሎ ሲነበብ 20 ሴኮንድ ገደማ የሚፈጅ ጽሑፍ እንመልከት፦

«እማዬ ስልኩን ዘጋችው። ዘንድሮም ለፋሲካ እንደማልመጣ ነግሬያት ገና አልጨረስኩም ነበር። መልሼ ብደውል አላነሳችም። ተቆጥታ ነው ብዬ እኔም ተቀየምኩ፤ ሳምንት ሙሉ ሳልደውል ቀረሁ። ኋላ እህቴ ደውላ ነገረችኝ፤ ስታለቅስ እንዳትሰማት ብላ፣»

ቪዲዮው ሲዞር የእህትየው ንግግር ማሰሪያውን ያገኛል፤ «ስታለቅስ እንዳትሰማት ብላ፣ እማዬ ስልኩን ዘጋችው።» መጀመሪያ ሲሰማ ቁጣ የነበረው መስመር በሁለተኛው ዙር እንባ መሸሸጊያ ሆነ። ቃሉ አንድም አልተለወጠም፤ ሰው ጆሮ ላይ ስልክ መዝጋት ግን ሌላ ነገር ሆነ።

ይህ እንዲሠራ የመጀመሪያው መስመር በሁለት አፍ መገጣጠም አለበት፤ መጀመሪያ ወንድምየው ይናገረዋል፣ በኋላ እህትየው። ስለዚህ «እናቴ» ከማለት «እማዬ» ይሻላል። እህት ለወንድሟ ስለ ጋራ እናታቸው ስታወራ «እናቴ» ብትል ለብቻዋ የወሰደቻት ይመስላል፤ «እማዬ» ግን የሁለቱም ናት። «እማዬ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው» ቢባል ለመነሻነት የበለጠ ይመታ ነበር፤ ነገር ግን ጆሮው የወንድምየው ስለሆነ በእህትየው አፍ ሐሰት ይሆናል። እንዲህ ባለ ጽሑፍ ላይ ስህተት የሚደበቀው ብዙ ጊዜ በእነዚህ ትናንሽ የባለቤትነት ድምፆች ውስጥ ነው። መፈተኛውም ቀላል ነው፤ የመጨረሻውን ሐረግና የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር ብቻ ቆርጦ አንድ ላይ በመጻፍ፣ ታሪኩን ለማያውቅ ሰው ማስነበብ። ሰውየው «ማን ነው የሚያወራው?» ብሎ ከጠየቀ መጋጠሚያው ክፍተት አለው።

ሌላው ፈተና «ነው» የምትለዋ ቃል ናት። «ስታለቅስ እንዳትሰማት ብላ ነው» ብሎ ማብቃት ለአማርኛ ተናጋሪ ምላስ ይቀላል፤ ጽሑፉንም ሳያስቡት ያስረዋል። ነገሩ ዐረፈ፤ ድምፅም ወረደ፤ ተመልካቹም አለፈ። ከዚያ በኋላ ያለው ዙር ድግግሞሽ እንጂ ቀጣይ ንባብ አይደለም።

ድምፁ ሲቀረጽም ያው ሕግ ይሠራል። የመጨረሻውን ሐረግና የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር ለየብቻ ያነበበ ሰው «ብላ» ላይ ድምፁን መጣሉ አይቀርም። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ አንብቦ፣ ቅጂውን «ብላ» ላይ ቆርጦ፣ የተረፈውን ወደ ቪዲዮው መጀመሪያ መውሰድ ይሻላል። በመጋጠሚያው ላይ የትንፋሽ ድምፅ ወይም ባዶ ጸጥታ እንዳይቀር፣ የክፍሉም ድምፅ እንዳይለያይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ መጨረሻው ላይ ይሰማ የነበረ የማቀዝቀዣ ድምፅ መጀመሪያው ላይ ከጠፋ ጆሮ ክፍተቱን ያውቀዋል። ይህ አሠራር ዋጋ አለው። የመነሻው መስመር ከሌላ ዐረፍተ ነገር መሐል የተቆረጠ ስለሆነ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማው ሰው ቃናው ትንሽ እንግዳ ይሆንበታል፤ ከመሐል የገባ ያህል ይሰማዋል። የጆይስ ትንሽ ፊደል በጽሑፍ የሠራችውን ይህ ቃና በድምፅ ይሠራል።

ቪዲዮው ከወጣ በኋላ መድረኮቹ ለሠሪው በሚያሳዩት የእይታ መስመር ላይ ልዩነቱ ይነበባል። አማካይ እይታው ከ100 በመቶ አልፎ፣ ድጋሚው ግን በመጀመሪያዎቹ ሴኮንዶች ብቻ የሚቆም ከሆነ ሰዎቹ ተታልለዋል ማለት ነው። ሁለተኛው ዙር እስከ መጨረሻው የሚታይ ከሆነ ግን ሰዎቹ የተመለሱት ታሪኩን በአዲስ ጆሮ ሊሰሙት ነው። ሁለቱም በእይታ ቁጥር ላይ ሲደመሩ አንድ ናቸው፤ ለጸሐፊው ግን አንድ አይደሉም።

ሁሉም ጽሑፍ ደግሞ እንዲዞር አይጻፍም። የወንድምየው ታሪክ ቀለበት የሚቀበለው ጸጸት ራሱ የሚዞር ነገር ስለሆነ ነው፤ ያቺን የስልክ ጥሪ በልቡ ስንት ጊዜ ደጋግሟት ይሆናል። መርዶ፣ ይቅርታ ወይም ምስክርነት ግን ማሰሪያ ይፈልጋል። የሰው ሞት ሲነገር ሐረጉ ሳይታሰር ተንጠልጥሎ አድማጩን ወደ መነሻው ቢመልሰው፣ የሚሰማው ጥበብ ሳይሆን ንቀት ነው። ነገር የሚያርፍበትን ቦታ ዐረፍተ ነገር ብለው የሰየሙት ሰዎች አድማጭም እንደሚያርፍ ያውቁ ነበር። ያን ዕረፍት የሚነሳ ጸሐፊ በምትኩ የሚሰጠው ነገር ሊኖረው ይገባል፤ ያው መስመር ሁለተኛ ሲሰማ ሌላ መሆኑን።